ከስድስት ዓመት በኋላ

ወንድሜ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አባታችን በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ልጁን ይሸኛል። ከዚያ ሦስት ትንንሽ ኮከቦች በመስመር ተደርድረዋል። ከኮከቦቹ በታች አባታችን ሞቶ ተጋድሟል። እነዚያ ሦስት ኮከቦች የእኔ ስድስት ዓመት ናቸው።

መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ ይህን ነገር በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ለማን ይነገራል? ሰው ሁሉ መጽሐፉን ወዶታል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «የደራሲው እህት» ይሉኛል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ልጁ እህት የለውም። አናጢ አባት አለ፣ ልጁ አለ፣ ልጁ የሚወዳት ነርስ አለች። ታሪኩ በሦስቱ መሀል ይመላለሳል፤ አንዴ አባትየው ቤት፣ አንዴ ልጁ የሄደበት ከተማ፣ አንዴ ነርሷ የምትሠራበት ሆስፒታል። እህት የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር የለም። ፈልጌዋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የማነበው ጣቴን ከመስመሩ በታች እያስኬድኩ ነው፤ ስለዚህ ፈልጌ አለመኖሬን እስካረጋግጥ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ።

በኋላ ስኳሩ የወንድሜን ዓይን ወሰደው፤ ቀጥሎ ወደ ኩላሊቱ ገባ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አንድ ቀን ከሆቴሉ የልብስ እጥበት ክፍል ወጥቼ ስመጣ አንድ የታክሲ ሹፌር እጁን ይዞ በራችን ላይ አቁሞት አገኘሁ። ሻንጣው ከጎኑ ነበር። «ችኮ፣ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ችኮ ያለኝ አባቴ ነው፤ አንዴ ችክ ካልኩ በሬ አይነቀንቃትም እያለ። ሻንጣውን አንሥቼ አባቴ የሞተበት ክፍል አስገባሁት። ሌላ ክፍል የለኝም።

እዚያ ክፍል ውስጥ እያለ ነው አሳታሚዎቹ መጽሐፉን በድምፅ ልናወጣው እንፈልጋለን ብለው አርታኢዋን የላኩት። ቀጠን ያለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የማይረጋላት፣ ትሑት ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል «ኧረ ግቢ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው» አልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች።

«ጋሼ፣ አንባቢያችን ለሙከራ ጥቂት ገጽ አንብቦልን ነበር። አንድ ቦታ ላይ ያለውን እንዲሰሙልኝ ፈልጌ ነው» አለችው።

የወንድ ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ ደስ የሚል። አባትየው በሩ ላይ ቆመ። ልጁ መንገዱን ጀመረ። አባትየው እጁን አነሣ። ቀጥሎ ያው ድምፅ ምንም ሳይቆም፣ «ልጁ የአባቱን እጅ ከአንሶላው ስር አውጥቶ ያዘ። እጁ ቀዝቅዟል» አለ። ከዚያ ዝም። ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ከዚያ አንባቢው በራሱ ድምፅ፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ገጽ ጎድሏል እንዴ? አሁን በሩ ላይ ቆሞ አልነበር?» አለ።

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ጠየቀ። ያውም የማላውቀው ሰው፣ ያውም ሳያስበው።

«ኮከብ አለ እኮ እዚያ» አለ ወንድሜ። «ኮከቡን አላየም?»

«አይቷል ጋሼ። ኮከብ ግን አይነበብም። በወረቀት ሲሆን ዓይን ባዶውን ቦታ ያያል፤ ነገር እንደተለወጠ ያውቃል፤ ግራ ከገባውም ወደኋላ ገልጦ ያያል። ጆሮ ወደኋላ አይገልጥም። ቦታና ጊዜ የተለወጠ መሆኑን ቃሉ ራሱ ካልነገረው ሰሚው ይወድቃል።»

«እጁን ከእጁ ጋር አጋጥሜያለሁ። የተነሣ እጅ፣ የቀዘቀዘ እጅ። ተሠርቶበታል።»

«ማጋጠሙማ ያምራል። ችግሩ በጣም መጋጠሙ ነው። ሰሚው ሰውየው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር ላይ የሞተ ይመስለዋል።»

ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከመጽሐፌ አንድ ቃል አይነካም ብሎ ነበር። ቢሆንም ገጽ ጎድሏል መባሉን አልወደደውም። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ እንደሌለው ነግሮታል፤ ያ ድምፅ ደግሞ ከሱ የሚቀረው የመጨረሻ ነገር ነው። «እሺ፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው መሻገሪያዎቹን ብቻ» አለ። «ሌላ አይነካም። ደሞ ሳልሰማው አንድም አይገባም።»

አርታኢዋ ማንበብ ትችል ነበር፤ ወንድሜ ግን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ሰው ሲመጣበት ይጨንቀዋል። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ተከፋፈለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ሆቴሉ ከመሄዴ በፊት አንድ አንድ መሻገሪያ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ ከላይ ጥቂት መስመር፣ ከታች ጥቂት መስመር። እሱ ያስባል፣ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አርታኢዋ በሳምንቱ መጨረሻ መጥታ ታየዋለች።

ፊደሌ አያምርም። «ይሄ ‹ሰ› ነው ወይስ የወንበር እግር?» ትለኛለች አርታኢዋ።

«እንደተመቸሽ። ከፈለግሽ ተቀመጪበት።»

ወንድሜ ከአልጋው ላይ ይስቃል፤ ከዚያ ሳቁ ሳል ይሆንበታል።

መቼም ሥራን ሥራ ያስተምራል። ከአርታኢዋ ብዙ ሰማሁ። ከነርሷ ሆስፒታል ወደ አባትየው ቤት ሲመጣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ይናገር ትላለች። «እሱ ተነሣ» ብለህ ከጀመርክ ሰሚው «የቱ እሱ?» እያለ ሦስት መስመር ያመልጠዋል። ነርሷ ለብዙ ምዕራፍ ጠፍታ ከሰነበተች፣ ስትመለስ ሰው በሚያውቃት ነገር ትመለስ፤ ያ የተሰበረ ሰዓቷ ወይም ያ ፈጣን እርምጃዋ ይቅደማት። የአንዱን ቦታ ትዕይንት በአንድ ድምፅ ከዘጋህ፣ ሌላው በተመሳሳይ ድምፅ ቢከፈት ጆሮ ሳያውቀው ይሻገራል።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ወደደው፤ ወደደውና አበዛው። የአባትየው መዶሻ ሲያርፍ በከተማ የልጁ በር ይንኳኳል። ነርሷ ውሃ ስታፈስ ከተማ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሲያንኳኳና ሲያዘንብ ከረመ። አርታኢዋ መጥታ ስታነብ መነጽሯን አወለቀች።

«ጋሼ፣ ሁሉም መሻገሪያ ላይ በርን ከበር ጋር ካጋጠምን ሰሚው ታሪኩን ትቶ የእኛን ብልሃት መቁጠር ይጀምራል። አንዳንዱ ጋ ‹በማግስቱ ጠዋት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ› ማለት ይበቃል። ጥሩ መሻገሪያ እኮ ሰው ሳያመሰግነው የሚያልፈው ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሙያዬን ልታስተምሪኝ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አስተምሪው» አልኩ እኔ። «ከመዶሻው የተነሣ ራሴን አሞኛል።»

ብዙውን አወጣው። ለኔ መጽሐፉ ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስሄድ ጣቴ የሚንገዳገደው ደንቆሮ ሆኜ ብቻ አልነበረም፤ አንዳንዱ ቦታ ደፉ ከፍ ብሎ ነበር። ወንድሜ ደፉን ዝቅ ባደረገው ቁጥር እኔም ሳልሰናከል አልፋለሁ። ይህን ልክደው አልችልም። ጥሩ ሥራ ነው። ጥሩ ሥራ እየሠራን ነበር ወደ በሩ የደረስነው።

ያን ቀን አርታኢዋም ነበረች። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ ወንድሜ ሌሊቱን ደህና አላደረም ነበርና። የበሩን ክፍል አነበብኩለት። አባትየው እጁን አነሣ ብዬ አቆምኩ። ኮከቦቹን አየኋቸው።

«‹ከጊዜ በኋላ› በይ» አለ ወንድሜ። «‹ከጊዜ በኋላ፣ ልጁ የአባቱን እጅ ከአንሶላው ስር አውጥቶ ያዘ።›»

አርታኢዋ፣ «ስንት ጊዜ ነው ጋሼ? ወር ነው? ዓመት? ልጁ እስከዚያ አልተመለሰም? ሰሚው ይህን መገመት አለበት» አለች።

ወንድሜ አንሶላውን በጣቶቹ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«ስድስት ዓመት ነው» አልኩ እኔ።

ፊቱ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ አያይም፤ ግን ዞረ። «እሺ» አለ፤ «‹ከስድስት ዓመት በኋላ› በይው። ጻፊ።»

አርታኢዋ ለራሷ ደገመችው፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ይበቃል» አለች። «ግልጽ ነው፣ አጭር ነው፣ አይጎረብጥም። ሰሚው አሁን አይወድቅም።»

እውነቷን ነው፤ አይጎረብጥም። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ዘይት እንደተቀባ የበር ማጠፊያ ሰተት የሚል። ኮከቡ ቢያንስ ሰውን ያደናቅፍ ነበር። ቢያንስ አንባቢው ቆሞ ገጽ ጎድሏል እንዴ ብሏል። አሁን ግን ማንም አይቆምም። በስድስት ዓመቴ ላይ ኮቴ ሳያሰሙ፣ በካልሲ ያልፉበታል።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አልጽፍም።»

«ምን?»

«አልጽፈውም ጋሼ።»

«ጀመራት» አለ ወንድሜ ለአርታኢዋ። «ችኮ ችክ አለች። እንግዲህ ዛሬ ሥራ የለም።»

«ቀጥሎ ያለውን ላንብብልህ?» አልኩና ጣቴን ከመስመሩ በታች አደረግኩ። «‹እጁ ቀዝቅዟል። ጥፍሮቹ በንጽሕና ተቆርጠዋል።› አንተ ነህ የጻፍከው። ማን ቆረጣቸው?»

ውጭ ጎረቤት ምንጣፍ ይደበድባል።

«ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀስ ሰው» አልኩ፣ «የራሱን ጥፍር አይቆርጥም። አየኸው። ከመንገድ ገብተህ፣ አቧራህን እንኳ ሳታራግፍ፣ የመጀመሪያ ያየኸው ጥፍሩን ነው። ማን ቆረጠው ብለህ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅህም።»

«መጽሐፍ ነው እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «የኛ ቤት አይደለም። መጽሐፍ ነው።»

አርታኢዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋችና፣ «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይጻፉት» አለችኝ። «እዚያ መሀል ምን እንደነበረ። ከዚያ እናየዋለን።»

ወንድሜ እንቢ አላለም። «ሳልሰማው አይገባም» ብሎ ብቻ ተሸፋፈነ።

እዚያ መሀል ምን ነበር? አባቴ እጁን ያነሣበት ቀን ክረምቱ ሊገባ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት መላጊያውን እንደያዘ ወደቀ፤ ሳገኘው ፊቱ በፍቅፋቂ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማገላበጥ ነው፣ ማጠብ ነው፣ ማጉረስ ነው። ትምህርቴን ቀድሞም እናቴ ስትሞት ትቼዋለሁ። የታጨሁለት ልጅ ነበር፤ ለተወሰነ ጊዜ ማታ ማታ እየመጣ አባቴን አብሮኝ ያነሣ ነበር፤ በኋላ መምጣቱን ቀነሰ፤ በኋላ ሌላ አገባ። አልፈርድበትም። አባቴ አንደበቱ ተይዞ የቀረችው አንዲት ቃል የወንድሜ ስም ነበረች። ውሃ ሲፈልግ የሱን ስም ይጠራል። ሲያመው የሱን ስም ይጠራል። እኔን ሲጠራኝም በሱ ስም ነው። አቤት እላለሁ።

ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ከእጥበት ክፍሉ ስመለስ፣ ጣቶቼ በሳሙና ተሸብሽበው፣ የደብተር ወረቀት እየገነጠልኩ ጻፍኩ። አላለቀስኩም፣ አልጮህኩም፣ ብቻ ጻፍኩ። ሲያልቅ ክምር ሆነ። አርታኢዋ ወሰደችው። ስትመለስ ወንድሜ ተኝቶ ስለነበር ግቢው ውስጥ፣ ልብስ የማሰጣበት ገመድ ስር በርጩማ ላይ ተቀመጥን።

«እትዬ፣ እውነት ልንገርዎት?»

«ለሱማ ነው የመጣሽው።»

«ሳነበው አልቅሻለሁ። ግን ይህ መሻገሪያ አይደለም። ሰሚው ከበሩ ተነሥቶ ወደ ሬሳው እየሄደ ነበር፤ መሀል ላይ ሌላ ቤት ሠርተው አስገቡት። እዚያ ቤት ውስጥ ሲቆይ ልጁን ይረሳዋል። ሲወጣ የት እንደነበረ አያውቅም። ከኮከቡ የባሰ ይጎረብጠዋል።»

«ስለዚህ ልጣለው?»

«አይጣሉት። ያስቀምጡት፤ ለብቻው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቦታ ግን አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ከበሩ የሚነሣ፣ አልጋው ላይ የሚደርስ፣ ሰሚው መንገዱን ሁሉ ከዓይኑ ሳያጣው የሚከተለው አንድ ነገር። ጊዜው ሲያልፍ በዚያ ነገር ላይ ይታይ። ዓመት አይቁጠሩለት፤ ያሳዩት።»

ተናድጄ ነበር። ስድስት ዓመት ተሸክሜ መጥቼ አንዱን ምረጪ ይሉኛል። ከተመለሰች በኋላ ክምሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እጮኛዬን አወጣሁት። ማጉረሱን አወጣሁት። ስም መጥራቱን ሳወጣ እጄ ትንሽ እንቢ አለ፤ አወጣሁት። የቀረኝ ወንድሜ ራሱ በሁለቱም በኩል ያስቀመጠው ነገር ነበር። እጁ።

አሳጥሬ፣ አሳጥሬ፣ ይህን አስቀረሁ፤

«አባትየው እጁን እስኪዝልበት አንሥቶ ቆየ። በሚቀጥለው ክረምት ያ እጅ ወደቀ፤ ከሱም ጋር ግማሽ አካሉ። ልጅቱ ሳህን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ታደርጋለች፤ እጁን ታጥባለች፤ ጥፍሩን ትቆርጣለች። መጀመሪያ መዳፉ የመላጊያ መጅ ነበረው፤ ሳሙናውን ይፍቀው ነበር። እየቆየ መጁ ሳሳ። እየቆየ ለሰለሰ። በስድስተኛው ዓመት እንደ ሕፃን መዳፍ ሆነ፤ ልጅቱም ሥራ የሚባል ነገር ከአባቷ እጅ ጨርሶ እንደወጣ አወቀች። ልጁ ከመንገድ ሲገባ የሳህኑ ውሃ ገና ለብ እንዳለ ነበር።»

ከዚያ የወንድሜ ቃል ይቀጥላል። ልጁ የአባቱን እጅ ከአንሶላው ስር አውጥቶ ያዘ። እጁ ቀዝቅዟል። ጥፍሮቹ በንጽሕና ተቆርጠዋል።

አርታኢዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄ ነው» አለች። ወዲያው ፊቷ ከበድ አለ። «ግን እትዬ፣ ‹ልጅቱ› ያሉት… ማን ናት? ሰሚው እስከዚህ ድረስ አያውቃትም። ሳህን ይዛ ከመሬት ብትበቅል ‹ይቺ ደሞ ከየት መጣች› ይላል። ያው መሰናከል ነው፤ ሌላ ድንጋይ። አስቀድማ መታየት አለባት። ከበሩ። አባቷ አጠገብ ብትቆም ይበቃል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። ግን ያ መሻገሪያ አይደለም። ያ የጋሼ ትዕይንት ነው። እሳቸው ካላሉ አልነካውም።»

ስለዚህ ወደ ክፍሉ ገባን። ወንድሜ በዚያን ሰሞን ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋ ነበር፤ እግሩ አብጦ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። አጠገቡ ተቀምጬ ከበሩ ጀምሬ አነበብኩለት። ጣቴን አላስኬድኩም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለብ እንዳለ ነበር ብዬ ወደሱ ቃል ገባሁ፤ እጁ ቀዝቅዟል ብዬ ጨረስኩ።

የተኛ መስሎኝ ነበር።

«መጁ እንደለሰለሰ አላወቅኩም» አለ። «እኔ ስይዘው… ለስላሳ ነበር። ሞት ነው ያለሰለሰው ብዬ ነበር።»

«ሞት አይደለም።»

«ጥሩ ነው። ይግባ።» አርታኢዋ ልጅቱ ከበሩ መታየት እንዳለባት ስትነግረው ግን፣ «ልጅቱን በሩ ላይ አላቆምም» አለ።

«ለምን?»

«ችኮ፣ ተይኝ።»

«ለምን ጋሼ? ቆሜ ነበር እኮ። የተሸከምኩት ያንተን የስንቅ ከረጢት ነበር።»

«ቆመሽ ነበር። ለዚያ ነው።» ጉሮሮውን አጸዳ። «አባትየው ብቻውን በሩ ላይ ከቆመ፣ ልጁ የሄደው ከአባቱ ነው። ሰው ከአባቱ ይሄዳል፤ ማንም አይፈርድበትም። አንቺን አጠገቡ ካቆምኩሽ፣ ልጁ የሄደው አባቱን ላንቺ ጥሎ ነው። ሞክሬዋለሁ። ስጽፍ መጀመሪያ ነበርሽ። አንቺን ባስገባሁ ቁጥር ልጁ መንገዱን መጀመር ያቅተዋል። እግሩ አይነሣም። መጽሐፉ እዚያው በር ላይ ይቀራል። አወጣሁሽ፤ ሄደ።»

አርታኢዋ ወለሉን ታያለች። ለዚያ ሁሉ ዓመት ረስቶኝ ነው ብዬ ነበር። መረሳት ይሻል ነበር ወይስ ይሄ? እስከ ዛሬም አላወቅኩም።

«ስለዚህ አይሆንም በለኛ» አልኩት።

«እኔ አላቆምሽም። አልችልም።» እጁ በአንሶላው ላይ ፈልጎ እጄን አገኘው፤ አልያዘውም፤ ነካው ብቻ። «ከፈለግሽ ራስሽ ቁሚ። ስለኔ የፈለግሽውን ብለሽ ቁሚ። እኔ ያኔ አልሰማም።» ፊቱን ወደ አርታኢዋ አዞረ። «ሰምተሻል አይደል፣ አንቺ ልጅ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ መጽሐፉ አላነሣም። ጥቂት ሰነበተና አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሾርባውን ላሞቅ ወጥቼ ስመለስ አልፏል። ጥፍሩን የቆረጥኩት በዚያው ጠዋት ነበር። አስቤበት አይደለም፤ ልማድ ነው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የበሩን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የፈለግሽውን ብሎኛል። ብዙ ነገር መጣልኝ። ልጁ እህቱን ዞሮ አላያትም የሚል ጻፍኩ። እውነት ነው፤ አላየኝም። ከረጢቱን ከእጄ ሲቀበል እንኳ መንገዱን ነበር የሚያየው። ጮክ ብዬ ለባዶው አልጋ አነበብኩት። ያኔ ወንድሜ ያለው ነገር ገባኝ፤ ያችን መስመር ካነበብኩ በኋላ የአባቴ እጅ ሲነሣ አላየሁትም፤ ወደ አልጋውም አልደረስኩም፤ ቆሜ የቀረሁት መንገዱ ላይ፣ የወንድሜ ጀርባ ላይ ነው። ሰሚውም እዚያው ይቀራል። ሰረዝኩት። ለእሱ ብዬ አይደለም። አባቴ ጋ መድረስ ስለነበረብኝ ነው።

የድምፅ ቅጂው የበሩ ክፍል ጋ የደረሰ ዕለት አርታኢዋ ስቱዲዮው ወሰደችኝ። ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው፤ መስታወት አለው። አንባቢው በመስታወቱ ማዶ ቁጭ ብሏል፤ ድምፁን ሰምቼ ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት፤ ኮሳሳ ነው። ማን እንደሆንኩ አልተነገረውም። እንዳይነገረው ያልኩት እኔ ነኝ።

ማንበብ ጀመረ። ነርሷ የተሰበረ ሰዓቷን እያየች በሆስፒታሉ ኮሪደር ሄደች። በዚያው ጠዋት አናጢው ቤት ልጁ ጫማውን አሠረ። ወደ በሩ ወጡ። እኔ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ሲደርስ ጉልበቴን ያዝኩ።

«ከአባትየው ኋላ እህቱ የስንቁን ከረጢት ይዛ ቆማ ነበር፤ ልጁ ተቀበላትና መንገዱን ጀመረ።»

ይኸው ነው። ሌላ አላልኩም። እግሩም ተነሣ።

አባትየው እጁን አነሣ። እጁ ወደቀ። ልጅቱ ሳህኑን ሞላች፣ መጁ ለሰለሰ፣ ውሃው ገና ለብ እንዳለ ነበር። አርታኢዋ ትንፋሿን ይዛ አንባቢውን ታያለች፤ እኔም አየዋለሁ። ልጁ የአባቱን እጅ ከአንሶላው ስር አውጥቶ ያዘ። አንባቢው አልቆመም። ወረቀት አላገላበጠም። ምንም አልጠየቀም። እጁ ቀዝቅዟል አለና ገጹን ገልጦ ወደሚቀጥለው አለፈ።